አንድ መዝገብ፣ አምስት መቶኛ፦ ፈቃድና ማርፈድ በመገኘት ስሌት ላይ

ለክፍል ኃላፊ መምህራንና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ የክፍል ኃላፊ መምህሩ የስም መጥሪያውን ዘርግቶ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስለሚያወጣው መቶኛ ነው። ስሌቱ ራሱ አንድ ማካፈል ነው፤ ተማሪው የተገኘበት ቀን ለትምህርት ቀናቱ ብዛት ይካፈላል። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው ከማካፈሉ በፊት ነው። በፈቃድ የቀረው ቀን የት ይግባ? ያረፈደ ልጅ መጣ ይባል ወይስ ቀረ? በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት መምህራን ለነዚህ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ካላቸው፣ የአንዱ ክፍል 96 የሌላው 79 ሆኖ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ልጆቹ ግን እኩል የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንዲት ተማሪ ወስደን እንየው። በጠዋት ፈረቃ የምትማር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት እንበል። መንፈቅ ዓመቱ 90 የትምህርት ቀን ነበረው፤ በዓላትና ትምህርት ቤቱ የተዘጋባቸው ቀናት አስቀድመው ወጥተዋል። ከ90ው ቀን 71ዱን በሰዓቱ ገብታለች፣ 9 ቀን አርፍዳለች፣ 7 ቀን በፈቃድ፣ 3 ቀን ደግሞ ያለ ፈቃድ ቀርታለች።

አሁን ይህንኑ መዝገብ ለአምስት መምህራን እንስጥ። የመጀመሪያው ያረፈደችውን እንደ መጣች ቆጥሮ 80ን ለ90 ያካፍላል፤ 88.9 በመቶ። ሁለተኛው «በፈቃድ የቀረችበት ሊጠየቅባት አይገባም» ብሎ 7ቱን ቀን ከአካፋዩ ያወጣል፤ 80 ለ83፣ 96.4 በመቶ። ሦስተኛው ፈቃዱን እንደ መገኘት ቆጥሮ 87ን ለ90 ያካፍልና 96.7 ያወጣል። አራተኛው «ሦስት ማርፈድ አንድ ቀሪ» በሚለው ደንብ 9ኙን ማርፈድ ወደ 3 ቀሪ ለውጦ 77 ለ90፣ 85.6 ይላል። አምስተኛው ጨከን ያለ ነው፤ ያረፈደ አልመጣም ብሎ 71ን ለ90 አካፍሎ 78.9 ላይ ያቆማታል። ትምህርት ቤቱ «ከ80 በመቶ በታች የሆነ ወላጅ ያምጣ» የሚል ደንብ ቢኖረው፣ ይህች ልጅ በአንዱ መምህር እጅ ትመሰገናለች፣ በሌላው እጅ ወላጇን ትጠራለች።

አምስቱም ማካፈል አልሳቱም። የተለያዩት ቁጥሩን የጠየቁት ጥያቄ ስለተለያየ ነው። አንዱ «ልጅቷ ስንት ቀን ትምህርት አገኘች?» ይላል፣ ሌላው «ልጅቷ ምን ያህል ጥፋተኛ ናት?»፣ ሌላው «ምን ያህል ሰዓት ታከብራለች?» የእኛ አቋም እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሦስት ቁጥር ይፈልጋሉ የሚል ነው፤ በአንድ መቶኛ ውስጥ ሲታጨቁ ሦስቱም ይበላሻሉ።

ከፈቃድ እንጀምር፤ ብዙ ስህተት ያለው እዚያ ነውና። ፈቃዱን ከአካፋዩ ማውጣት ደግነት ይመስላል። የታመመ ልጅ ለምን ይቀጣል? ነገር ግን ጠርዙ ላይ ወስደን እንፈትሸው። አንድ ልጅ በረጅም ሕመም 60 ቀን በፈቃድ ቢቀርና የቀረውን 30 ቀን ሁሉ ቢመጣ፣ በዚህ አቆጣጠር 30 ለ30 ይሆንና መቶ በመቶ ተገኘ ይባላል። ሁለት ሦስተኛውን ትምህርት ያላየ ልጅ ካርዱ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። መምህሩም፣ ወላጅም፣ የሚቀጥለው ዓመት የክፍል ኃላፊም ማካካሻ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ከቁጥሩ አያዩም። ፈቃዱን እንደ መገኘት መቁጠርም ያው ነው፤ ባዶ ወንበርን ሰው ተቀምጦበታል ማለት ነው።

ለዚህ ነው መቅረትን በቁም ነገር የሚለኩ አገሮች ፈቃድን ከመቅረት የማያወጡት። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀረን ተማሪ አሳሳቢ ቀሪ ብሎ ይይዘዋል፤ በሕመምም ይሁን ያለ ምክንያት። እዚያ ያሉ የኛ ወላጆች ስለ ልጃቸው መቅረት ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «የሐኪም ወረቀቱን ልኬ የለም እንዴ? ደብዳቤው ምንድን ነው?» ብለው የሚገረሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ደብዳቤው ልጁ ጠፋ የሚል ክስ ላይሆን ይችላል፤ የጠፋውን ቀን ብዛት የሚናገር ነው። በእንግሊዝም የተፈቀደ መቅረትና ያልተፈቀደ መቅረት በመዝገቡ ላይ የተለያየ ምልክት አላቸው፣ በጠቅላላው የመገኘት መቶኛ ላይ ግን ሁለቱም መቅረት ናቸው።

ወደ ልጅቷ ስንመለስ፣ የቀረችው 10 ቀን ነው፤ ከ90ው 11.1 በመቶ። በዚያ የ10 በመቶ መስመር ብትለካ አልፋዋለች። 96.4 የሚለው ቁጥር ይህንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። 7ቱ የፈቃድ ቀናት ደግሞ ተበታትነው በየወሩ አንድ ወይም ሁለት ሆነው ከታዩ፣ ይህ ራሱ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው፤ የወር አበባ ሕመም፣ የንፅህና መጠበቂያ ማጣት፣ ቤት ውስጥ ታናናሾችን መጠበቅ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን ከስሌቱ ያወጣ መምህር ይህንን ጥያቄ የሚያነሣበት አጋጣሚ አያገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር፣ የመገኘት መጠን የምንለው፣ 80 ለ90 ነው፤ 88.9። ፈቃድ አይነካውም። ሁለተኛው ቁጥር ያለ ፈቃድ የመቅረት መጠን ነው፤ 3 ለ90፣ 3.3 በመቶ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ማየት ያለበት ይህንን ብቻ ነው። የታመመ ልጅ እንዳይቀጣ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያውን ማሳበጥ አያስፈልግም። አንድ ልጅ በመገኘት ማነስ ምክንያት ፈተና እንዳይቀመጥ የሚል ደንብ ካለም፣ ለታመመው የሚደረገው ምሕረት በውሳኔው ላይ ይደረግ፤ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ «በሕመም ምክንያት ተፈቅዶለታል» ይባል። ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ።

አካፋዩን መንካት የሚገባበት ሁኔታ አንድ ነው፤ ልጁ በዚያ ቀን የትምህርት ቤቱ ተማሪ ካልነበረ። ዘግይቶ የተመዘገበ፣ ተዛውሮ የመጣ፣ መሸኛ ወስዶ የሄደ፣ ወይም ትምህርቱን በይፋ አቋርጦ የተመለሰ ልጅ ከነዚያ ቀናት አይጠየቅም። በ40 ቀን ውስጥ 38 ቀን የመጣ አዲስ ተማሪ 95 በመቶ ነው። ለ90 ካካፈልነው 42.2 ይሆንበታል፤ ይህ ደግሞ የለየለት ግፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ ለስፖርት ውድድር ወይም ለጥያቄና መልስ የላከው ልጅም አልቀረም፤ በመምህር ጥበቃ ሥር ትምህርት ቤቱ በመደበለት ቦታ ውሏል። እንደተገኘ ይጻፍና ምክንያቱ በአስተያየት ዓምድ ይስፈር።

ማርፈድ ከፈቃድ ይልቅ ይረቅቃል፤ ብዙውን ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው መዝገቡ ጋ ሳይሆን በሩ ጋ ነውና። የተለመደውን እንከተለው። የጠዋት ፈረቃ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ 2፡00 ሰዓት ይጀምራል፤ 40 ደቂቃ የሚፈጁ 6 ክፍለ ጊዜያት አሉ። ልጁ 2፡05 ላይ በሩ ጋ ይደርሳል። ጥበቃው በሩን ዘግቷል፤ አርፋጆች ተሰልፈው እስከ 2፡40 ይቆማሉ፣ አንዳንዴም ግቢ ያጸዳሉ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስም የጠራው መምህር ልጁን ስላላየው «ቀሪ» ብሎ ጽፏል። የክፍል ኃላፊው ደግሞ የቀኑን መዝገብ የሚሞላው ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስም ጥሪ ነው። ልጁ 5 ደቂቃ አረፈደ፣ ትምህርት ቤቱ 35 ደቂቃ ጨመረለት፣ መዝገቡ ሙሉ ቀን ወሰደበት። ከዚያም ብሶ አርፋጆችን ወደ ቤት የሚመልስ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ልጁ በርግጥ ቀርቷል፣ ያስቀረው ግን ትምህርት ቤቱ ነው፤ ይህንን «ያለ ፈቃድ» ብሎ መጻፍ አያስኬድም።

ይህ መደረጉን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። በሩ ላይ የሚያዘውን የአርፋጆች ዝርዝር ከክፍሉ መዝገብ ጋር ለአንድ ሳምንት አስተያዩ። በበሩ ዝርዝር ላይ ስሙ ያለ ልጅ በክፍሉ መዝገብ ላይ ሙሉ ቀን «ቀሪ» ከተባለ፣ ቀዳዳው ተገኘ። መፍትሔውም ሁለተኛ ስም ጥሪ ነው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ፣ ከእረፍት በፊት፣ አንዴ ይጠራ፤ በመጀመሪያው የሌለና በሦስተኛው ያለ ልጅ «ቀሪ» የነበረው ምልክት ወደ «አርፋጅ» ይለወጥ። ሁለተኛው ጥሪ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስሙን አስጠርቶ በአጥር የሚዘልለውም ይታያል።

በእንግሊዝ መዝገቡ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ከ30 ደቂቃ ሊበልጥ አይገባም። መዝገቡ ሳይዘጋ የደረሰ አርፋጅ ተገኘ ተብሎ ይቆጠራል። ከተዘጋ በኋላ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የደረሰው ግን ለዚያ ግማሽ ቀን ያልተፈቀደ ቀሪ ነው፤ እነሱ ቀኑን ጠዋትና ከሰዓት ብለው በሁለት ይቆጥሩታል። ከዚህ የሚወሰደው ደቂቃው አይደለም፣ መስመር መኖሩ ነው። መስመሩ ካልተጻፈ አንዱ መምህር 10 ደቂቃን ያልፋል፣ ሌላው በ2 ደቂቃ ይጽፋል። ለእኛ የፈረቃ ቀን የሚስማማው ይህ ይመስለናል፦ ክፍለ ጊዜው ከመጋመሱ በፊት፣ ማለትም በ20 ደቂቃ ውስጥ የገባ አርፋጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ቀሪ ነው፣ ለቀኑ ግን አርፍዶ ተገኝቷል።

አሁን «ሦስት ማርፈድ አንድ ቀሪ» የሚለውን ታዋቂ ደንብ እንመርምረው። የልጅቷን 9 ማርፈድ ዘርዝረን እንያቸው እንበል። ሰባቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነበሩ፣ ሲደመሩ 50 ደቂቃ። በሁለቱ ቀን ደግሞ በሩ ተዘግቶባት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አምልጧታል፤ 80 ደቂቃ። በጠቅላላው 130 ደቂቃ ጠፍቶባታል። ቀኑ 240 የትምህርት ደቂቃ ስላለው ይህ ከግማሽ ቀን ትንሽ ይበልጣል። ደንቡ ግን 3 ቀን፣ ማለትም 720 ደቂቃ ወሰደባት፤ ከጠፋው ከአምስት እጥፍ በላይ። ሌላም ጉድለት አለው፦ ሁለት ጊዜ ያረፈደ ምንም አይነካውም፣ አምስት ጊዜ ያረፈደም ሦስት ጊዜ ካረፈደው ጋር እኩል ይቀጣል። ይህንን ደንብ እንደ ቅጣት መለኪያ የሚፈልገው ይያዘው፤ ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ወላጅ ያምጣ ማለት ይቻላል። ወደ መቶኛው ሲገባ ግን ያልሆነ ነገር ይናገራል፤ ልጅቷ ክፍል ውስጥ የነበረችባቸውን ሦስት ቀናት አልነበረችም ይላል።

ጥራቱን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ትምህርት ቤት በቀን ፋንታ በክፍለ ጊዜ ይቁጠር። 90 ቀን በ6 ሲባዛ 540 ክፍለ ጊዜ ነው። የቀረችባቸው 10 ቀናት 60 ክፍለ ጊዜ፣ በሩ ላይ ያመለጧት 2፣ ድምሩ 62። የተገኘችበት 478 ለ540 ሲካፈል 88.5 በመቶ ይሆናል። በቀን ከቆጠርነው 88.9 ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ በመቶ በታች መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ የክፍለ ጊዜ መዝገብ ለሌለው ትምህርት ቤት የቀን ቆጠራው ለዚህ ዓይነት ተማሪ በቂ ነው። የሚያታልለው ከእረፍት በኋላ የሚጠፋ ልጅ ሲኖር ነው፤ እሱን የቀን መዝገብ ፈጽሞ አያየውም።

ሦስተኛው ቁጥር እንግዲህ የማርፈድ ብዛት ነው፤ «9 ጊዜ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ደቂቃውን መያዝ ከተቻለ «130 ደቂቃ» ይጨመርበት። መቶኛ ውስጥ አይግባ።

መዝገቡን በኮምፒውተር ለምትይዙ አቀማመጡ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሕዋስ፣ ለእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ፊደል፦ ተ ለተገኘ፣ አ ላረፈደ፣ ፈ በፈቃድ ለቀረ፣ ቀ ያለ ፈቃድ ለቀረ፣ ው ደግሞ በዚያ ቀን ከመዝገብ ውጪ ለነበረ። 50 ተማሪዎች ከረድፍ 5 እስከ 54፣ 90ው ቀን ከዓምድ D እስከ CO ቢሆን፣ ለመጀመሪያው ተማሪ ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
CP5  =COUNTIF(D5:CO5,"ተ")
CQ5  =COUNTIF(D5:CO5,"አ")
CR5  =COUNTIF(D5:CO5,"ፈ")
CS5  =COUNTIF(D5:CO5,"ቀ")
CT5  =SUM(CP5:CS5)
CU5  =(CP5+CQ5)/CT5
CV5  =CS5/CT5
CW5  =90-CT5-COUNTIF(D5:CO5,"ው")
```

CU የመገኘት መጠን፣ CV ያለ ፈቃድ የመቅረት መጠን ነው። CQ የማርፈድ ብዛት ነው፣ እንዳለ ወደ ካርዱ ይሄዳል። ከሁሉ አስፈላጊው ግን የመጨረሻው፣ CW ነው፤ ሁልጊዜ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ ያልተቆጠረ ሕዋስ አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ ስም ያልተጠራበት ቀን ባዶ ቀርቷል፤ ባዶ ሕዋስ «መጥቷል» ማለት አይደለም፣ ምክትል መምህር ያልተመደበበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ መምህር መዝገብ ተጠይቆ ይሞላ። አለዚያም ፊደሉ ተሳስቷል። ለዓይን የሚቀራረቡት አ እና ኣ፣ በድምፅ አንድ የሆኑት አ እና ዐ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው፤ ከፊደሉ ኋላ የቀረ ክፍት ቦታም ቆጠራውን ያሳጣል። በአማርኛ መጻፊያ «አ»ን ስንፈልግ «ዐ» መውጣቱ ብርቅ አይደለምና፣ ይህ ዓምድ ከሌለ የልጁ ማርፈድ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል።

የክፍሉን መጠን ስታወጡ የ50ውን ተማሪ መቶኛ ደምራችሁ ለ50 አታካፍሉ። ሁለት ተማሪ ብቻ እንያዝ፤ አንደኛዋ 80 ለ90፣ ሌላው ዘግይቶ የገባው 38 ለ40። የመቶኛዎቹ አማካይ 91.9 ነው። ቀናቱን ደምረን ስናካፍል ግን 118 ለ130፣ 90.8 ይሆናል። ትክክሉ ሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ስሌት የ40 ቀን ልጅ የ90 ቀን ልጅ ያህል ክብደት ያገኛል። ቀመሩም አጭር ነው፦

```
=SUM(CP5:CQ54)/SUM(CT5:CT54)
```

ከአሥርዮሽ በኋላ አንድ ቤት በቂ ነው፣ ማጠጋጋቱም መጨረሻ ላይ ብቻ ይሁን። 79.6ን ወደ 80 አጠጋግቶ «ደንቡን አልፏል» ማለት በየዓመቱ የሚነሣ ክርክር ነው፤ መስመሩ 80 ከሆነ 79.6 አላለፈም።

የቀረው ዘግይቶ የሚመጣ የፈቃድ ወረቀት ነው። ልጁ ሰኞ ቀረ፣ «ቀ» ተጻፈ፣ ሐሙስ የጤና ጣቢያ ወረቀት ይዞ መጣ። ለቅሶም እንዲሁ ነው፤ ማንም አስቀድሞ አስፈቅዶ ለቅሶ አይሄድም። ልጁ በተመለሰ በ3 የትምህርት ቀን ውስጥ ወረቀት ወይም ወላጅ ከመጣ «ቀ» ወደ «ፈ» ይለወጥ። በወረቀት መዝገብ ከሆነ አይፋቅ፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ይጻፍና መምህሩ ይፈርምበት። ልብ በሉ፣ ይህ ለውጥ 88.9ን አያንቀሳቅሰውም፤ ልጁ ሰኞ ዕለት ወረቀት ኖረውም አልኖረው ክፍል አልነበረም። የሚለወጠው ያለ ፈቃድ የመቅረት መጠኑ ብቻ ነው። በመንፈቅ ዓመት መጨረሻ ወላጆች ወረቀት ይዘው መዝገብ ቤት ሲሰለፉ የመገኘት መጠኑ ከድርድር ውጪ መሆኑ ለሠራተኛውም እፎይታ ነው።

ለመዝጊያው ቀን ይቆረጥ፤ ካርድ ከመጻፉ 5 የትምህርት ቀን በፊት ቢሆን ይበቃል። በዚያ ቀን CW ለሁሉም ተማሪ ዜሮ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ፋይሉ ይቀዳ፣ የክፍል ኃላፊውና የመዝገብ ቤት ሠራተኛው የታተመው ላይ ይፈርሙ። በልጅቷ ካርድ ላይም ይህ ይስፈር፦ የትምህርት ቀን 90፤ የተገኘችበት 80፣ 88.9 በመቶ፤ በፈቃድ የቀረችበት 7፤ ያለ ፈቃድ 3፤ ያረፈደችው 9 ጊዜ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የፈቃድ ወረቀት ከፋይሏ ጋር ይያያዛል፤ የታተመው ካርድ ግን አይነካም።